በ36 ዓመቴ «ጁኒየር» ብዬ አመለከትኩ



ይሄን ጽሑፍ ከጀመርኩት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ልለጥፈው እልና እተወዋለሁ። ባለፈው አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ «ቲቸር፣ ከአንድ አማካሪ ድርጅት ሲወጡ አየሁዎት፣ ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ቤት ልሠራ ሳይሆን ሥራ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ለሱ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የብዙዎቻችሁ የቴክኒካል ድሮዊንግ አስተማሪ ነበርኩ። ታስታውሱ እንደሆነ መስመራችሁ ከቀጠነ «ይሄ መስመር ነው ወይስ ፀጉር?» የምላችሁ ሰውዬ ነኝ። ያለኝ የድራፍቲንግ ዲፕሎማ ነው። የተማርኩት በቲ-ስኩዌር፣ በሴት-ስኩዌር እና በእርሳስ ነው። ኦቶካድን ቆይቼ ማታ ማታ በራሴ ነው የለመድኩት። ደመወዙን ታውቁታላችሁ፣ ስለሱ አላወራም። ሁለተኛ ልጃችን ስትወለድ ግን ከሰዓት በኋላዬን የሚገዛኝ ሥራ መፈለግ ነበረብኝ። የማስተምረው በጠዋቱ ፈረቃ ስለሆነ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። «ጁኒየር ካድ ድራፍተር፣ ከሲቪ ጋር ከቨር ሌተርና ፖርትፎሊዮ ይያያዝ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ «ይሄማ የኔ ነው» አልኩ።

እና ለስድስት ቢሮ ላኩ። ከስድስቱም ድምፅ የለም።

መጀመሪያ ዕድሜዬ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ዲፕሎማ ስለሆነ ነው አልኩ። ከዚያ ሰው ስለሌለኝ ነው አልኩ። የላክሁትን ወረቀት መለስ ብዬ ያየሁት ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ራሴ አስቤው አይደለም።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አሁን በዚሁ ሙያ ትሠራለች። ስሟን አልጠቅስም፣ እንዳልጠቅስም ነግራኛለች። ቡና እንጠጣ ብላኝ ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። የላክሁትን ፋይል ከፈትኩላት። ሃያ ሁለት ገጽ ነው። ሽፋኑ ላይ የፀሐይ መጥለቂያ ያለበት ጂ ፕላስ አንድ ቪላ በሦስት አቅጣጫ ይታያል። ጥላው፣ መስታወቱ፣ መኪናው ሁሉ አለ። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ገለጠችው።

«ቲቸር፣ አይቆጡኝ ግን፣ ይሄን ቤት ማን ነው ዲዛይን ያደረገው?»

«እኔ ነኛ» አልኳት።

«እኔም ይሄን ቤት ሠርቼዋለሁ» አለች። «ከዩቲዩብ አይደል? ቢሮአችን ከሚመጡት ፖርትፎሊዮዎች ውስጥ ይሄ ቤት በየጊዜው አለ። መኪናው እንኳን ያው ነው።»

ያን ቀን የጠጣሁት ቡና ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

ከዚያ ግን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የገባኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከእናንተ ውስጥም በዚህ ሙያ የምታመለክቱ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ጁኒየር ድራፍተር ዲዛይን እንዲያደርግ የሚቀጥረው የለም። ጠዋት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው አርክቴክቱ ወይም ኢንጂነሩ በቀይ እስክሪብቶ የሞነጫጨረበት ፕላን ነው። ያንን ቀይ ሁሉ አንድ በአንድ ያስተካክላል። የፕላኑ ለውጥ ሴክሽኑን ነክቶት እንደሆነ ያያል። አንዳንዴ ደግሞ ሜትር ይዞ ነባር ሕንፃ ለክቶ ይመጣል። ስለዚህ ፖርትፎሊዮውን የሚያየው ሰው የሚፈልገው ቆንጆ ቤት አይደለም። የሚጠይቀው «ይሄ ልጅ የሳለውን ቁጥር ላምነው እችላለሁ? ሳይቱ ላይ ሠራተኛ በዚህ ወረቀት ቢቆፍር ጉድ አልሆንም?» ብሎ ነው። በሦስት አቅጣጫ የሚታየው ቪላዬ ላይ ደግሞ ከቪላው በቀር ምንም የለም። ልኬት የለ፣ የበርና መስኮት ዝርዝር የለ፣ የመስመሩ ውፍረት ሁሉም አንድ ዓይነት።

«እውነተኛ ነገር የለዎትም?» አለችኝ። «እጅዎ የነካው?»

ነበረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለተማሪዎች ማሳያ ይሆናል ብዬ የትምህርት ቤታችንን አንድ ባለ ሦስት ክፍል ብሎክ ለክቼ ስዬው ነበር። ፖርትፎሊዮው ውስጥ አላስገባሁትም። ማን ስለ ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ግድ አለው ብዬ። ከፈትኩላት።

«ይሄ ነው!» አለች። ጠጋ ብላም ማየት ጀመረች። እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ሁለት ደቂቃ አልቆየም።

እዚህ ጋ ትንሽ ቁጥር አለ፣ ታገሱኝ። ሦስቱም ክፍሎች በውስጥ 8 ሜትር በ6 ሜትር ናቸው። በአንዱ በር በኩል የለካሁት ግድግዳ ልስኑን ጨምሮ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 20 የብሎኬቱ፣ በሁለቱም በኩል 2.5 ልስን። ሦስት ክፍል 24 ሜትር፣ አራት ግድግዳ 1 ሜትር፣ ድምሩ 25 ሜትር ይመጣል። ሕንፃውን በውጭ በኩል ከጥግ እስከ ጥግ ስለካው ግን 25.06 ነበር። የ6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት። ያኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ፕላኑን በ25 ሜትር ሳልኩትና የጠቅላላ ርዝመቱ ልኬት ላይ ቁጥሩን ሰርዤ በእጄ 25.06 ብዬ ጻፍኩበት።

ኦቶካድ የማታውቁ ካላችሁ፦ ልኬት ስታስቀምጡ ቁጥሩን የሚጽፈው ራሱ ሶፍትዌሩ ነው፣ መስመሩን ለክቶ። ግን ቁጥሩን ደምስሶ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ሲታተም ማንም አይለየውም። ፋይሉን ለከፈተ ሰው ግን በግልጽ ይታያል። ልጅቷ ልኬቱን ነካችውና በጎን በኩል የሚመጣውን የባሕርይ ዝርዝር አሳየችኝ፦

```
Measurement      25000
Text override    25060
```

ከላይ ያለው መስመሩ በእውነት ያለው ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ከታች ያለው እኔ የጻፍኩት። ጤነኛ ልኬት ላይ የታችኛው ቦታ ባዶ ነው የሚሆነው።

ምንም አላለችኝም። ዝም ብላ አየችኝ። እኔ እኮ በእናንተ ጊዜ ልኬቱ ከሥዕሉ ጋር ያልገጠመ ወረቀት ሳይ ዜሮ ነበር የምሰጠው። አንዷ ዜሮ የሰጠኋት ደግሞ ራሷ እፊቴ ተቀምጣለች።

«ስድስት ሳንቲ ሜትር ናት» አልኩ፣ ለማለት ያህል።

«ስድስት መሆኗ አይደለም ችግሩ» አለች። «አንዱን ቁጥር በእጅዎ ከጻፉት የቀሩትን ሃምሳ ቁጥሮች በምን ላምናቸው? ቢሮ ውስጥ ይሄ ከተገኘ ሥዕሉ በሙሉ እንደገና ይለካል።»

የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት 30 ሜትሩን ቴፕ፣ አንድ ባለ 5 ሜትር ቴፕ እና አንድ ጥቅል ሲባጎ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ የቴፑን ጫፍ ያዙልኝ። «ዛሬ ደግሞ ምን አጣህ?» አሉኝ። «ስድስት ሳንቲም» አልኳቸው። ሳንቲም የወደቀብኝ መስሏቸው ወደ መሬት አዩ።

መጀመሪያ የውጩን ርዝመት ደገምኩት። ያው 25.06። ስለዚህ ስህተቱ ያለው ውስጥ ነው። የክፍሎቹን ውስጥ ደገምኩ፣ ሦስቱም 8 ሜትር ናቸው። እንግዲህ የቀረው ግድግዳ ነው። እኔ የለካሁት አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ የቀሩትን «ያው ነው» ብዬ ነው የጻፍኩት። በክፍሎቹ መካከል ያሉት ግድግዳዎች ደግሞ በር ስለሌላቸው ቀጥታ ውፍረታቸውን መለካት አይቻልም።

በር የሌለው ግድግዳ የሚለካው በመቀነስ ነው። በሁለተኛው ክፍል የመጨረሻ መስኮት እና በሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያ መስኮት መካከል ያለውን ርቀት፣ ከብረት ፍሬም ጠርዝ እስከ ብረት ፍሬም ጠርዝ፣ በውጭ በኩል ለካሁ። 2.71 ሜትር። ከዚያ ውስጥ ገብቼ ከያንዳንዱ መስኮት ጠርዝ እስከ ግድግዳው ያለውን ለካሁ። በሁለተኛው ክፍል 1.20፣ በሦስተኛውም 1.20። ሁለቱ ሲቀነሱ 31 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል መካከል ያለውን በዚሁ መንገድ ስሠራው 2.65 ላይ 25 መጣ። ስድስቷ ሳንቲ ሜትር ተገኘች! በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ ነበረች።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ይሄኛው ክፍል እኮ ኋላ የተቀጠለ ነው» አሉኝ። «ድሮ ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። ያ ግድግዳ የውጭ ግድግዳ ነበር።»

ይሄን ስሰማ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። የክፍሎቹን ሰያፍ ለካሁ። 8 በ6 የሆነ ክፍል ጥጉ ቀጥ ካለ ሰያፉ በሁለቱም በኩል 10 ሜትር መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ልክ 10 ናቸው። ሦስተኛው ግን በአንዱ በኩል 10.04፣ በሌላው 9.96። ተጣሟል። ሲባጎውን በፊት ለፊቱ ግድግዳ ከመጀመሪያው ጥግ ወጥረን ቀጥ አድርገን ስንዘልቀው ቅጥያው ላይ ግድግዳው ከሲባጎው መራቅ ጀመረ፤ መጨረሻው ጥግ ላይ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ስንት ዓመት ያስተማርኩበት ክፍል ነው፣ አንድ ቀን አላየሁትም። እኔ ደግሞ ሁሉንም በ90 ዲግሪ ነበር የሳልኩት።

ያን ሌሊት ፕላኑን ከባዶ ጀመርኩት። በእጅ የተጻፈ ቁጥር አንድም የለውም። የተቆረጠው ግድግዳ በወፍራም መስመር፣ 0.50፤ በርና መስኮቱ 0.25፤ ልኬቱና ጽሑፉ 0.18። ፕላኑ በ1 ለ100 ስኬል፣ ኤ3 ወረቀት ላይ። በ1 ለ50 ብሞክረው 25 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ወረቀት ስለሚፈልግ ከኤ3 ይወጣል። ሴክሽኑን ግን አጭር ስለሆነ በ1 ለ50 አደረግኩት። በሦስተኛ ገጽ ላይ የፊት ለፊት ኤሌቬሽን፣ በአራተኛው የበርና መስኮት ዝርዝር። አራት ገጽ ብቻ። ቪላውን አወጣሁት።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልምጣ። ብዙ ሰው ሥዕሉን ጨርሶ መግለጫውን በአምስት ደቂቃ ይጽፈዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የድሮው መግለጫዬ ይሄ ነበር (ዋናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጥላችሁ)፦

«ዘመናዊ ባለ ሦስት ክፍል የትምህርት ሕንፃ። በኦቶካድ ከፍተኛ ጥራት ባለው ሁኔታ ዲዛይን የተደረገ።»

እስቲ እዩት። ዘመናዊ አይደለም። ዲዛይን ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። «ከፍተኛ ጥራት» ያልኩት ደግሞ የ6 ሳንቲ ሜትር ውሸት ያለበትን ሥዕል ነው። ልኬቱ ላይ በእጄ የጻፍኩትና መግለጫው ላይ የጻፍኩት ለካ አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ ያልለካሁትን ነው የጻፍኩት።

አዲሱን ስጽፍ ልጅቷ አምስት ጥያቄ ሰጠችኝ። ምንድነው? በእጅህ ምን ነበረህ? አንተ ራስህ ምን አደረግክ? ትክክል መሆኑን በምን አረጋገጥክ? ምን አላደረግክም? በዚህ ቅደም ተከተል ጻፍኩት፦

«ነባር ባለ ሦስት ክፍል የትምህርት ሕንፃ፣ የልኬት ሥዕል። ቀድሞ የተሠራ ፕላን አልነበረም። ሕንፃውን በ30 ሜትር እና በ5 ሜትር ቴፕ ከአንድ ረዳት ጋር ለክቼ ፕላን፣ አንድ ሴክሽን፣ አንድ ኤሌቬሽን እና የበርና መስኮት ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። የክፍሎቹ የውስጥ ልኬትና የግድግዳዎቹ ውፍረት ድምር ከውጭው ርዝመት ከ25.06 ሜትር ጋር ተመሳክሯል፤ የያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰያፎችም ተለክተዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነበር፤ በድጋሚ ልኬት በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ 31 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ሦስተኛው ክፍል ከቀጥታ መስመር ወጣ ያለ ስለሆነ እንዳለ ተስሏል። የመሠረቱ ጥልቀትና በ31ዱ ግድግዳ ውስጥ ያለው ነገር አልታየም፤ በሥዕሉ ላይ ‹በቦታው ይረጋገጥ› ተብሏል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ተይዞ ነበር። ሥራ እየጠየቅኩ «ይሄን አላየሁም» ብዬ ልጻፍ? በድሮው ሴክሽን ላይ እኮ መሠረቱን 80 ሳንቲ ሜትር ብዬ ስዬዋለሁ። ማን ቆፍሮ አየው? ከመጽሐፍ ላይ የለመድኩትን ነው ያስቀመጥኩት። አሁን ግን ከወለሉ በታች ያለውን በነጠላ ሰረዝ መስመር አድርጌ ማስታወሻ ጻፍኩበት። ነባር ሕንፃ ላይ ያልታየን ነገር እንደታየ አድርጎ መሳል አደገኛ ነው። ነገ አንዱ ያንን ወረቀት አምኖ ፎቅ ሊጨምርበት ይችላል።

ከቨር ሌተሩ ደግሞ የባሰ ነበር። የኛ አገር ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ» ይልና «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብሎ ይቀጥላል። የኔም «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን የምቋቋም» ይልና «እድሉን ብትሰጡኝ» እያለ ይለምናል። ልጅቷ አንብባ «ቲቸር፣ ከዚህ ውስጥ የድርጅቱን ስም ብናወጣው ለዳቦ ቤትም ይሆናል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለስድስቱም የላክሁት ስሙን ብቻ እየቀየርኩ ነበር፤ አንዱ ጋ እንዲያውም የሌላውን ድርጅት ስም ሳልቀይረው ሄዷል። በኋላ ነው ያየሁት፣ አሁንም ሳስበው ያልበኛል።

አዲሱን ለአንድ ድርጅት ብቻ ጻፍኩት። ማስታወቂያው «የነባር ሕንፃዎች ልኬትና የማሻሻያ ሥራ» የሚል ነገር ነበረው። መጀመሪያ ላይ ዘልዬው የነበረ መስመር ነው። አዲሱ ደብዳቤ ከዚያ ነው የሚነሳው፦

«ማስታወቂያችሁ ላይ ነባር ሕንፃ መለካት የሥራው አካል እንደሆነ አይቻለሁ። ያያያዝኩት ሥራ አንድ ነባር የትምህርት ሕንፃ ነው፤ ገጽ 1 ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ እንዴት እንደተለካ በመግለጫው ተጽፏል።

የድራፍቲንግ ዲፕሎማ አለኝ፤ ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተምሬያለሁ። ብዙ መቶ የተማሪ ሥዕሎችን ስላረምኩ የሰው ሥዕል ላይ የጎደለ ልኬት ቶሎ ይታየኛል። ኦቶካድ በሁለት አቅጣጫ ሥዕል በደንብ እሠራለሁ። በቢሮ ውስጥ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር በአንድ ፋይል ላይ ሠርቼ አላውቅም፤ ይሄን መማር ይኖርብኛል።

የማመለክተው ለጁኒየር ቦታ መሆኑን አውቄ ነው። በዕድሜ ከሚያንሱኝ ሰዎች እርማት መቀበል አያስቸግረኝም፤ ይህ ሥዕል ራሱ በቀድሞ ተማሪዬ እርማት የተስተካከለ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን መሥራት እችላለሁ።»

ይኸው ነው። አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም። ሦስተኛውን አንቀጽ ልሰርዘው ብዬ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከደብዳቤው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። የልጆቼ አባት፣ «ቲቸር» የሚባል ሰው፣ «በዕድሜ የሚያንሱኝ ቢያርሙኝ አያስቸግረኝም» ብሎ መጻፍ። ልጅቷ ግን «ሲቪዎን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው፤ እርስዎ ካልመለሱለት ራሱ ይመልሰዋል» አለችኝ። ተውኩት።

ከመላኬ በፊት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፦ ፈቃድ። የትምህርት ቤት ፕላን ነው፤ በሮቹ፣ መስኮቶቹ ሁሉ አሉበት። ርዕሰ መምህሩን አስፈቀድኩ፣ የትምህርት ቤቱን ስምና አድራሻ ከሥዕሉ ላይ አንሡ አሉ፣ አነሣሁ። ለሰው በክፍያ የሠራችሁትን ሥዕልም ባለቤቱን ሳትጠይቁ ፖርትፎሊዮ ውስጥ አታስገቡ። የሰው ቤት ነው።

በዘጠነኛው ቀን ተደወለ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ከኔ ያንሳሉ መሰለኝ። አንደኛው የኔን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን 31ዱ ግድግዳ ላይ አደረገና «ይሄን በምን ለካኸው? በር የለውም እኮ» አለ። የመስኮቶቹን ነገር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደ። ስለ ታታሪነቴ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡኝ። አንድ ፕላን፣ ላዩ ላይ 11 ቀይ እርማት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ዘጠኙን ጨረስኩ። አሥረኛው «ይሄ በር ከ80 ወደ 90 ይስፋ» ይላል፤ ግን የበሩ ዝርዝር ገጽ ላይ ያ ዓይነት በር 80 ነው፣ ሌሎች አራት ቦታም ገብቷል። ዝርዝሩን ብቀይረው አራቱም በሮች ይሰፋሉ። ፕላኑን ብቻ ብቀይር ሁለቱ ገጾች አይስማሙም። አንዱን ገምቼ ላድርግ ብዬ እጄ ሄደ። ከዚያ ያቺ 25.06 ትዝ አለችኝ። ወረቀት ላይ «በር ቁጥር እገሌ፦ ለብቻው አዲስ ዓይነት ይሰጠው ወይስ ሁሉም ይስፋ? ሳልጠይቅ አልቀየርኩም» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንደኛውን አልደረስኩበትም፤ እሱንም «አልተሠራም» ብዬ ጻፍኩ።

የሦስት ወር ሙከራ ሰጥተውኛል። ከሰዓት በኋላ እና ቅዳሜ። ክፍያው ብዙ አይደለም፣ ግን የቤት ኪራዩን ግማሽ ይሸፍናል። ሰኞ ጀመርኩ።

የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ (ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው) የሠራሁትን አንድ ሴክሽን በቀይ ሞልቶ መለሰልኝ። ከታች «የመስመር ውፍረት!» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ያንን ወረቀት ቤት ወስጄ ለባለቤቴ አሳየኋት። «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።

ዜሮ የሰጠኋችሁ ልጆች በሙሉ፣ ይቅር በሉኝ። ልኬቱን ግን አሁንም በእጃችሁ አትጻፉ።

መልካም ሳምንት። ፖርትፎሊዮ ያላችሁ መግለጫችሁን ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ማታ ማታ አያለሁ።